ይመስላል ወይስ አይመስልም? የአንድ አባት ፖርትሬትና የፊት መመሳሰል ውጤት

የቅርብ ወዳጆቼ የሆኑ አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን ፖርትሬት ፈለጉ። አባትየው ሰባዎቹን አጋምሰዋል፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ አሜሪካ ናቸው፣ ትልቋ እዚሁ ነች። ያሰቡት አባትየው ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው በዘይት ቀለም የተሳሉ የሚመስል ምስል በሸራ ላይ ታትሞ ሳሎን እንዲሰቀል ነው። እሳቸውም ተጠይቀው ፈቅደዋል፣ ፎቶዎቹንም ከአልበም ውስጥ ከትልቋ ልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው መርጠዋል።

እኔ የሠራሁት ሎራ የሚባለውን ነው። ምስል የሚያመነጨውን ትልቅ ሞዴል ሳይነኩ፣ የአንድን ሰው ፊት እንዲያውቅ የሚያደርግ ትንሽ ተጨማሪ ፋይል በሰውየው ፎቶዎች ይሠለጥናል። ሃያ ያህል ፎቶ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ «ጋቢ ለብሰው፣ የመስኮት ብርሃን፣ የዘይት ቀለም» ብለህ ስትጽፍለት ሰውየውን በዚያ ሁኔታ ያወጣልሃል። ወይም አወጣሁ ይልሃል፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ምስሎች በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለቅ ትልቋ «ኧረ ቁርጥ አባዬ!» አለች። ወንድሟ ግን «ይሄ ጋሼ ነው እንጂ አባዬ አይደለም» አለ። ጋሼ የሚለው የአባታቸውን ታናሽ ወንድም፣ አጎታቸውን ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ሁለቱንም አይመስሉም ብላ ቁጭ አለች። እኔ ሰውየውን ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ለእኔ ሁሉም ይመስሏቸዋል። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ፊት ላይ መስማማት ካቃታቸው ከመቶ በላይ ምስል ውስጥ የቱን ይዤ ልቀጥል? ፊትን በቁጥር ወደ መለካት የገባሁት ለዚህ ነው።

ዓይን ለምን ይለያያል?

የማናውቀውን ሰው ፊት በፎቶ መለየት ላይ ሁላችንም ደካሞች ነን፣ የምናስበውን ያህል አይደለንም። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ለተሳታፊዎች 40 ፎቶ ሰጥተው «የአንድን ሰው ፎቶዎች አንድ ላይ ሰብስቡ» አሏቸው። ፎቶዎቹ የሁለት ኔዘርላንዳዊ ታዋቂ ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ የእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ። ሴቶቹን የማያውቁት እንግሊዛውያን ግን ሰባት ስምንት የተለያዩ ሰዎች ያሉ መስሏቸው በየክምር ደረደሯቸው። ሴቶቹን የሚያውቁት ኔዘርላንዳውያን ያለ ችግር ለሁለት ከፈሏቸው። ብርሃን፣ ካሜራ፣ ፀጉርና የፊት አያያዝ ሲቀያየር የማናውቀው ሰው በዓይናችን ብዙ ሰው ይሆንብናል። ስለዚህ እኔን የመሰለ፣ ሰውየውን በቅጡ የማያውቅ ባለሙያ «ይመስላል» ሲል ቃሉ ብዙም አይመዝንም።

ሌላው ችግር መልመድ ነው። አንድን የመነጨ ፊት ሲደጋግሙት ዓይን ይለምደዋል፣ ከለመደው በኋላ እውነተኛው ፎቶ ራሱ እንግዳ ይሆንበታል። በዚያ ላይ ጋቢውና ነጩ ፂም ያግዛሉ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ ትንሽ ትንሽ አባታችንን ይመስላል። ልብስና አቀማመጥ ለፊቱ ጉድለት ሽፋን ይሆናሉ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

የተጠቀምኩት `insightface` የሚባለውን የፓይተን ጥቅልና ውስጡ ያለውን `buffalo_l` የተባለ የሞዴሎች ስብስብ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ከምስሉ ውስጥ ፈልጎ ያገኛል። ቀጥሎ አምስት ነጥብ ይይዛል፦ ሁለቱን ዓይኖች፣ የአፍንጫውን ጫፍና የአፉን ሁለት ጥግ። በእነዚህ ነጥቦች ፊቱን አቅንቶ 112 በ112 ፒክስል አድርጎ ይቆርጠዋል። ያንን ቁራጭ ወደ 512 ቁጥሮች ይለውጠዋል፣ ኢምቤዲንግ የሚባለው ይህ የቁጥር ሰልፍ ነው። የሁለት ፊቶች ሰልፎች ወደ አንድ አቅጣጫ ባመለከቱ ቁጥር ውጤቱ ወደ 1 ይጠጋል። ፈጽሞ የማይገናኙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ አካባቢ ናቸው። ኮሳይን ሲሚላሪቲ የሚሉት ይህንን ነው።

```python
import cv2, numpy as np
from insightface.app import FaceAnalysis

app = FaceAnalysis(name="buffalo_l")
app.prepare(ctx_id=0, det_size=(640, 640))

def emb(path):
    faces = app.get(cv2.imread(path))
    if not faces:
        return None
    f = max(faces, key=lambda x: x.bbox[2] - x.bbox[0])
    return f.normed_embedding

a, b = emb("real.jpg"), emb("gen.png")
print(None if a is None or b is None else float(np.dot(a, b)))
```

ኮዱ ይኸው ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ያደናቅፋል። ፊቱ ሙሉውን ፍሬም የሞላ ምስል ሲሰጡት ፊት የለም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ለምስሉ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ብታደርጉለት ወይም ፊት የሚፈልግበትን የምስል መጠን፣ `det_size` ን፣ ብትቀንሱለት ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው ባለበት ፎቶ ላይ ትልቁን ፊት ስለሚወስድ፣ በሠርግ ፎቶ ላይ ለካሜራው የቀረበውን ሚዜ አባት አድርጎ ሊለካው ይችላል። ስለዚህ የተቆረጡትን ፊቶች በሙሉ አውጥቶ በዓይን ማየት ግድ ነው። እዚህ ላይ የዓይን ሥራ ቀላል ነው፣ ትክክለኛው ሰው ነው አይደለም ብቻ ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ እውነተኛውን ከእውነተኛው

የመነጨውን ምስል ከአንድ ፎቶ ጋር አነጻጽረህ 0.52 አገኘህ እንበል። ጥሩ ነው መጥፎ? ማንም ሊነግርህ አይችልም፤ የዚህ ሰውዬ እውነተኛ ፎቶዎች እርስ በርሳቸው ስንት እንደሚመሳሰሉ እስካላወቅህ ድረስ ቁጥሩ ብቻውን የሚነግርህ ነገር የለም። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን እንድትይዙ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘላት እርምጃ ናት።

ስለዚህ የአባትየውን ፎቶዎች በሙሉ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ለካሁ። የቅርብ ዓመታት ፎቶዎቻቸው እርስ በርስ ከ0.60 እስከ 0.75 ያህል ይሰጣሉ። ከሃያ ዓመት በፊት የተነሷቸው ከአሁኖቹ ጋር ወደ 0.45 ይወርዳሉ፣ ዕድሜ ነው፣ የሚጠበቅ ነው። ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞሩባቸውም ዝቅ ይላሉ። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

አንድ ፎቶ ግን ከማንኛቸውም ጋር ከ0.30 አላለፈም። ጥቁርና ነጭ የስቱዲዮ ፎቶ ነው፣ ኮትና ክራባት፣ ጀርባው ላይ ስማቸው በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። መጀመሪያ እርጅናው ነው አልኩ፣ ፎቶው በጣም የቆየ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን አካባቢ የተነሱት ሌላ ፎቶ ነበር፣ እሱ ከአሁኑ መልካቸው ጋር 0.43 ይሰጣል። እነዚህ ሁለት የወጣትነት ፎቶዎች ዘመናቸው አንድ ሆኖ እርስ በርስ 0.28 ብቻ መስጠታቸው አላማረኝም። የልጁ ቃል ትዝ አለኝና የአጎትየውን ፎቶዎች እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። የስቱዲዮው ፎቶ ከአጎትየው ጋር 0.50 አካባቢ ሰጠ።

ፎቶው የታናሽ ወንድማቸው ነበር። አክስታቸው ገና እንዳዩት «ይሄማ ታናሹ ነው፣ ኮቱ ነው የወንድሙ» አሉ። ለካ ኮቱን ተዋውሰው ነው የተነሱት፣ ከጀርባ የተጻፈውም ስም የፎቶው ባለቤት ነው እንጂ የተነሳው ሰው አይደለም። አባትየውም ሲጠየቁ አረጋገጡ። ያ ፎቶ ሥልጠናው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሃያ ፎቶ አንዱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የስቱዲዮ ፎቶ ስለሆነ ፊቱ ትልቅ ነው፣ ፊት ለፊት የሚያይ ነው፣ ጥርት ያለ ብርሃን አለው፤ ሞዴሉ ከደበዘዘ የመንገድ ፎቶ ይልቅ እንዲህ ካለው ብዙ ይማራል።

የአጎትየው ፎቶዎች ሌላም ጥቅም ሰጡ። አሁን ሁለት ምልክት አለኝ። ከላይ፣ ሰውየው ከራሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ፦ 0.65 አካባቢ። ከታች፣ ከሁሉም በላይ ከሚመስላቸው ሥጋ ዘመዳቸው ጋር ሲነጻጸሩ፦ 0.30 አካባቢ። የምፈልገው ምስል ከላይኛው አጠገብ መዋል፣ ከታችኛው ደግሞ በደንብ መራቅ አለበት። በማይዛመዳቸው ሰው ፊት ብትለኩ የታችኛው ምልክት ዜሮ አጠገብ ይሆንና ማንኛውም ሽማግሌ የመሰለ ምስል ያለፈ ይመስላል። ወንድም፣ ልጅ፣ የአጎት ልጅ ነው የሚያስፈልገው።

ከኢንተርኔት የተቀዳ ገደብ ለምን አይሠራም

«ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ያው ሰው ነው» የሚሉ ገደቦች በየቦታው ታገኛላችሁ። እነዚህ በብዛት የሚመጡት ከዜና ድረ ገጾች ከተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ ምዕራባውያን ከሆኑ ታዋቂ ሰዎች ፎቶ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት 189 የፊት መለያ ሶፍትዌሮችን በሕዝብ ዓይነት ከፋፍሎ ፈትኖ ነበር። ከተፈተኑት ፎቶዎች ውስጥ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሶማሊያ ሰዎች ነበሩበት። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን «አንድ ናቸው» ብሎ መሳሳት ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው በምዕራብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነው። ልዩነቱ እንደ ሶፍትዌሩ ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ቻይና ውስጥ የተሠሩ አንዳንዶቹ ግን በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ይህ ችግር አልታየባቸውም፤ ሞዴሉ የሠለጠነበት ፊት ወሳኝ እንደሆነ ይጠቁማል።

ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የሁለት ኢትዮጵያውያን የተለያዩ ሰዎች ውጤት ከሌሎች ከፍ ብሎ የመጀመር ዕድል አለው። ከውጭ የተቀዳ ገደብ ስትጠቀሙ ዘመድ የሚመስለውን ሁሉ ያሳልፍላችኋል። የራሳችሁን ምልክት ከራሳችሁ ሰዎች ፎቶ አውጡ።

ሁለተኛው ሥልጠና

የወንድምየውን ፎቶ አውጥቼ ሎራውን እንደገና አሠለጠንኩ። በዚህኛው ዙር ስድስት ጥሩ ፎቶዎችን ለይቼ ከሥልጠናው ውጭ አስቀመጥኩ። መለኪያ የሚሆኑት እነዚህ ብቻ ናቸው። በሠለጠነበት ፎቶ መልሶ መለካት ተማሪን ጥያቄውን ቀድሞ ሰጥቶ እንደመፈተን ነው፣ ሞዴሉ ፎቶውን እንዳለ ቢገለብጠው ከፍተኛ ውጤት ያገኛል።

ሥልጠናው እየሄደ በየመሃሉ ቼክፖይንት፣ ማለትም እስከዚያ የተማረውን የያዘ ቅጂ፣ ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱ ቼክፖይንት አንድ ዓይነት ፕሮምፕቶች፣ ማለትም የጽሑፍ ትዕዛዞች፣ እና አንድ ዓይነት ሲድ፣ ማለትም የዕጣው መነሻ ቁጥር፣ ሰጥቼ ምስል አወጣሁ፣ የሚለያየው የሥልጠናው ርዝመት ብቻ እንዲሆን። እያንዳንዱን ምስል ከስድስቱ ፎቶዎች ጋር ለክቼ አማካዩን ያዝኩ። ከዚያ የቼክፖይንቱን ምስሎች በቅደም ተከተል ደርድሬ መሃል ላይ የዋለውን ውጤት ወሰድኩ። ከፍተኛውን አልወሰድኩም፣ ከብዙ ምስል ውስጥ አንዱ በአጋጣሚ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ የሚያሳስተውም እሱ ነው።

ገና በጅምሩ ያሉት ቼክፖይንቶች 0.35 አካባቢ ናቸው፣ ማለትም ሥጋ ዘመድ የሚመስል ሽማግሌ። መሃል ላይ ያሉት ወደ 0.57 ወጡ። የመጨረሻዎቹ 0.62 ደረሱ። ቁጥር ብቻ ብከተል የመጨረሻውን እወስድ ነበር። ግን የመጨረሻውን ቼክፖይንት ምስሎች ሳያቸው «የመስኮት ብርሃን» ብዬ ጽፌ፣ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን የፓስፖርት ፎቶው ፍላሽ ነው። አንገታቸውን ያዘነበሉበት ሁኔታም የዚያው ፎቶ ነው፣ አገጫቸው ሥር ያለው ጥላ ሳይቀር። ይህንንም በቁጥር ማየት ይቻላል፦ ምስሉን ከሥልጠና ፎቶዎቹ ጋር አንድ በአንድ ለኩት፣ ከአንዱ ጋር 0.80 ከሌሎቹ ጋር 0.55 ከሰጠ ያንን አንዱን እየገለበጠ ነው። መሃለኛውን ቼክፖይንት ያዝኩ።

የልጁንም ቅሬታ በቁጥር አየሁት። የመጀመሪያው ዙር ምስሎች ከአባትየው ጋር 0.41፣ ከአጎትየው ጋር 0.36 ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፣ «ይሄ ጋሼ ነው» ያለው እውነቱን ነው። በሁለተኛው ዙር ከአባትየው ጋር 0.57፣ ከአጎትየው ጋር 0.29 ሆነ። እኔ አሁን የማምነው ይህንን ክፍተት ነው፣ የአንዱን ቁጥር ከፍታ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዘይት ቀለም መልክ ሲሰጠው ውጤቱ በ0.1 ያህል ይወርዳል። መለያው ሞዴል የሠለጠነው በፎቶ ነው፣ የብሩሽ ምልክትና የቀለም ድርብርብ ግራ ያጋባዋል። ስለዚህ የቀለም ሥዕል የሚመስለውን ከቀለም ሥዕል፣ ፎቶ የሚመስለውን ከፎቶ ጋር እያሰለፍኩ ነው ያወዳደርኩት። ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ብታስገቡ ፎቶ የሚመስለው ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ሰውየውን የበለጠ ስለመሰለ ግን አይደለም።

ቁጥሩ የማያየው

ከዘይት ቀለሞቹ ውስጥ ከፍተኛ ያገኘው ምስል ከ0.60 በላይ ነበር፣ ለቀለም ሥዕል በጣም ከፍተኛ ነው። ምስሉ ግን አሳዘነኝ። የቆዳቸው ቀለም ፈክቷል፣ ከፎቶዎቻቸው ሁሉ ይልቅ ቀላ ብለዋል። ግንባራቸው ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተዋል። የግራ ዓይናቸው ቆብ በዕድሜ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል፣ ምስሉ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ተከፍተዋል። የሃምሳ ዓመት ሰው ሆነዋል።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የፊት መለያ ሞዴል የሚሠለጥነው አንድን ሰው በፀሐይም በጥላም፣ በወጣትነቱም በሽምግልናውም እንዲያውቅ ነው። ብርሃንንና ዕድሜን ችላ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። የመነጨው ምስል ቆዳ ሲያፈካ መለያው «ብርሃን ነው» ብሎ ያልፈዋል። መጨማደድ ሲያጠፋ «ወጣትነቱ ነው» ይላል። ምስል የሚያመነጩት ሞዴሎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ያለሰልሳሉ፣ ያሳምራሉ። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ሰውየው ባልሆነ ቆዳና ባልሆነ ዕድሜ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ጥቁር ጠይም ሰውን አፍክቶ «ተመሳስሏል» የሚል ቁጥር በጣም አደገኛ ነው፣ የሰውየው መልክ ነው የሚወሰድበት። በዚያ ላይ ያቺ 112 ፒክስል ቁራጭ ፀጉርን፣ ጆሮን፣ አንገትንና ትከሻን ቆርጣ ትጥላለች። ሰውየው አንገታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ቁጥሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

የቆዳውን ቀለም ለብቻው አየሁት። ደመናማ ቀን ደጅ የተነሷቸውን ፎቶዎች ወስጄ የጉንጫቸውን ድምቀት ከምስሉ ጉንጭ ጋር አነጻጸርኩ። ቀለል ያለ ዘዴ ነው፣ ብርሃኑ ስለሚለያይ ትክክለኛ ልክ አይሰጥም፣ ግን ከሁሉም ፎቶ የፈካ ምስል ይታወቃል። ፕሮምፕቱ ላይ ዕድሜያቸውን፣ የቆዳቸውን ቀለምና የግንባራቸውን መስመር በግልጽ ስጽፍ ብዙው ተስተካከለ። ውጤቱ ትንሽ ወረደ፣ ልክ ነው፣ ይውረድ።

እዚህ ላይ ልጁ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ፊት የሚቀይረውን መሣሪያ ተጠቅመን እውነተኛ ፊታቸውን በመጨረሻው ምስል ላይ ለምን አንለጥፈውም? ሞከርነው። ውጤቱ ከ0.75 አለፈ፣ ከራሳቸው እውነተኛ ፎቶዎች አማካይ በላይ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ነው የሚገባው። `inswapper_128` የሚባለው ያ መሣሪያ ፊቱን የሚሠራው ከዚያው ቤት በወጣ መለያ ሞዴል የ512 ቁጥር ሰልፍ ተነስቶ ነው። ፈተናውንም መልሱንም የሚያወጣው አንድ ቤት ሆነ ማለት ነው። በሌላ መለያ፣ በ`dlib` ሞዴል ስለካው ከበፊቱ የተሻለ ነገር አልነበረም። (እዚያ የሚወጣው ርቀት ስለሆነ ዝቅ ያለው ነው የሚሻለው፣ እንዳትገለብጡት።) የ`inswapper_128` ስም ላይ ያለው 128 ደግሞ የሚሠራው ፊት በፒክስል ስንት እንደሆነ ነው። በሸራ ላይ ሊታተም የተዘጋጀ ትልቅ ፊት ላይ ስትለጥፈው መጨማደዱ ሁሉ ይደበዝዛል። ተውነው። አይፒ አዳፕተር ፌስ አይዲ እና ኢንስታንት አይዲ የሚባሉት፣ ሰውየውን ከፎቶ ወስደው ምስል የሚያወጡ መሣሪያዎችም ፊቱን የሚቀበሉት ከዚያው ቤት በወጣ ኢምቤዲንግ ስለሆነ፣ በእነሱ የምትሠሩ ከሆነ በሌላ መለያ መለካት አለባችሁ።

ፈቃዱንም ልጥቀስ። የ`insightface` ኮድ ለማንም ነፃ ነው፣ የሠለጠኑት ሞዴሎቹ ግን ለንግድ ላልሆነ ምርምር ብቻ የተለቀቁ ናቸው። ይህ ሥራ በክፍያ የተሠራ አይደለም። ለደንበኛ የምትሠሩ ሰዎች ፈቃዱ የሚመቻችሁን ሌላ መለያ መፈለግ አለባችሁ።

ምርጫው

ቁጥሩን ያዋልኩት ለመጣል ብቻ ነው። ከአጎትየው ጋር ያለው ክፍተት የጠበበውን ጣልኩ፣ አንድን ፎቶ የገለበጠውን ጣልኩ፣ ቆዳው የፈካውን ጣልኩ። አሥር የማይሞሉ ቀሩ። እነዚህን ቅደም ተከተላቸውን አደባልቄ፣ ቁጥር ሳልጽፍ፣ ለእያንዳንዳቸው በግል ላክሁ። ግሩፕ ላይ አልለጠፍኩም፣ ትልቋ «ቁርጥ አባዬ» ካለች ታናናሾቹ እሷን ይከተላሉ። አክስታቸውም ተጠየቁ፣ እሳቸው ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ ያዩት ፊት ነው።

ከአራቱ ሦስቱ አንድ ምስል መረጡ፣ አራተኛው ሁለተኛ አድርጎ አስቀመጠው። ውጤቱ 0.54 ነው፣ ከቀሩት ውስጥ ከፍተኛው አይደለም። የወረደው የዓይን ቆብ አለ፣ የግንባሩ መስመር አለ። አክስትየው ለምን እንደመረጡት ሲጠየቁ «ሰው ሲያናግረው እንዲህ ነው አፉን የሚይዘው» አሉ። ይህንን ከ512ቱ ቁጥሮች ውስጥ የሚያወጣልኝ መንገድ የለኝም። ግን ያለ ቁጥሩ እዚህ ምስል ላይ አንደርስም ነበር፣ ሥልጠናው ውስጥ የወንድምየው ፎቶ እንዳለ ሦስቱ ልጆች እስከ ዛሬ ግሩፕ ላይ ይከራከሩ ነበር።

ምስሉ ታትሞ ተሰቅሏል። ኢምቤዲንጎቹንና ሎራውን በስምምነታችን መሠረት አጥፍቻለሁ፣ የሰው ፊት ቁጥር እንደ አሻራ ነው፣ እኔ ዘንድ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

አሁን የእናታቸውን እንድሠራ ጠይቀውኛል። እናትየው ካረፉ ቆይተዋል፣ የተገኘው አራት ፎቶ ነው፣ አንዱ ነጠላው ግማሽ ፊታቸውን የሸፈነበት ነው። ከአራት ፎቶ የሚገኘው ስድስት ጥንድ ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለኪያ ባስቀር ለሥልጠና ሁለት ይቀራል፣ አራቱንም ባሠለጥን የምለካበት የለኝም። እህታቸውም በሕይወት የሉም፣ የታችኛውን ምልክት የማወጣበት ሥጋ ዘመድ ፎቶ አልተገኘም። ይመስላሉ አይመስሉም ብዬ የምመሰክርበት መንገድ ስለሌለኝ አልሠራውም አልኳቸው። ከአራቱ ፎቶ ጥርት ያለውን ይዘው በእጅ የሚሥል ሠዓሊ ዘንድ ሄደዋል።